ሲደርቅ ዝም የሚል፣ ሲረጥብ የሚሸት ፎጣ

ነሐሴ ነበር። ጎንደር ውስጥ በምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። አንዲት እናት ክፍላቸው የተቀመጠላቸውን ነጭ ፎጣ ይዘው ወረዱና «ልጄ፣ እስቲ አሽቺው» አሉኝ። ሳሙና ሳሙና ይላል። «አሁን አርጥበሽ አሽቺው» አሉኝ። ውኃ ሲነካው እምክ እምክ የሚል የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። የታጠበው በዋዜማው ነበር፤ በጣም አፈርኩ።

በድንጋጤ ዱቄት ሳሙናውንም ማለስለሻውንም ጨመርኩ። በሳምንቱ ሽታው ባሰ።

ምክንያቱን ያገኙት ከእኛ ጋር የሚያጥቡት አንጋፋዋ እትዬ ናቸው። ከመደርደሪያው የታጠበ ፎጣ አንስተው በባልዲ ሙቅ ውኃ ነከሩት፤ ሳሙና ጠብ ሳያደርጉ ያሹት ጀመር። ውኃው አረፋ ያዘ፣ ቀጥሎም ደፈረሰ። «ይህ ታጠበ እንጂ መች ተለቀለቀ!» አሉ።

ማሽኑን እስከ አፉ ስለምንጠቀጥቀው ውኃው በፎጣዎቹ መካከል አይዘዋወርም ነበር። ያልወጣው ሳሙና ከሰው ገላ ቅባት ጋር በክሩ ውስጥ ይቀራል፤ ማለስለሻው ደግሞ ክሩን እየሸፈነ ፎጣው ውኃ እንዳይመጥ ያደርገዋል። ባክቴሪያ የሚመገበው ይህንኑ ዝቃጭ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የሚባለው፣ ድርቀትን ይችላል፤ ፎጣው ሲረጥብ እንደገና ይነቃና ያን ሽታ የሚሰጠውን አሲድ ያመነጫል። መብራት ለመቆጠብ ብለን በ30 ዲግሪ ማጠባችን አልገደለውም። በዚያ ላይ ማታ የታጠበው እስከ ንጋት በተዘጋው ማሽን ውስጥ ያድር ነበር፤ ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ፎጣዎቹን መጀመሪያ ያለ ሳሙና በ60 ዲግሪ አጠብን፤ አረፋው እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ከዚያ በልክ በተሰፈረ ሳሙና፣ አሁንም በ60 ዲግሪ፣ ነጮቹን በጥቂት በረኪና አጠብናቸው። በረኪና ባለቀለሙን ያነጣል፤ ከኮምጣጤ ጋር ከተደባለቀም መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። ማለስለሻውን ለፎጣ ጨርሶ ተውነው። የማሽኑን በር ዙሪያ ጎማ ገልጠን ስናይ ውስጡ ጥቁር አተላ ነበር፤ ጠረግነው፣ ባዶውንም በሙቅ ውኃ አዞርነው።

አሁን የማሽኑን አንድ ሦስተኛ ባዶ እንተዋለን፤ መታጠቡ እንዳበቃ ፎጣውን እናወጣለን፣ በሩንም ገርበብ እናደርጋለን። የክረምቱ ማድረቅ ግን አሁንም ያስቸግራል። ገመድ ላይ እጥፍ አድርገን የምናሰጣው ፎጣ መሀሉ እርጥብ ሆኖ ይውል ነበር፤ አሁን ዘርግተን፣ አራርቀን፣ ማራገቢያ እናበራለን። ጫፉ ወፍራም ስፌቱ ጋ ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም ማለት ነው፤ አይታጠፍም።

ያረጁት አሥራ ሁለቱ ከዚህ ሁሉ እጥበት በኋላም ሲረጥቡ ሸተቱ። ቆርጠን የወለል መወልወያ አደረግናቸው። ከሌሎቹ ግን እትዬ በየጠዋቱ አንዱን መዘዝ አድርገው ጠርዙን ያረጥባሉ፣ አፍንጫቸው ላይ ያስጠጋሉ፣ ከዚያ ነው ክፍል የሚገባው።