«በደቂቃ ይደርሳል» ብቻ አይበቃም

ዛሬ ደብረ ብርሃን ባንክ ቤት አንዲት እናት ለገና ከውጭ አገር የተላከላቸውን ገንዘብ ሳይቀበሉ ተመለሱ። ገንዘቡ ገብቷል፣ የሚስጥር ቁጥሩም ልክ ነው። ልጃቸው ግን ተቀባይ ብሎ የጻፈው «እቴቴ» ነው፤ መታወቂያቸው «አስካለ» ይላል። ገንዘብ ከፋይዋ ምን ታድርግ? ስሙ እንዲስተካከል መጠየቅ ያለበት ላኪው ነው፤ እሱ ደግሞ ባለበት አገር ገና ሌሊት ነው።

«በደቂቃ ይደርሳል» እያላችሁ ለገንዘብ መላኪያ ድርጅቶች የበዓል ማስታወቂያ የምትጽፉ፣ ድፎ ዳቦውንና ቄጤማውን ቀነስ አድርጉና ይቺን አስገቡ፦ «ከመላክዎ በፊት የመታወቂያቸውን ፎቶ ያስልኩ፤ ስማቸውን ከነአባትና አያት፣ መታወቂያው ላይ ባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሳይቀይሩ ይጻፉ።»

የመላኪያውንም ቀን ጥቀሱ። የገና ዕለት ባንክ ዝግ ነው። ከመንዝ ገጠር መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ለሚመጣ ሰው ደግሞ በዋዜማው ማታ የገባ ገንዘብ ለበጉ አይደርስም።