የአላርም ሰርኪዩት ወደ ቡሊያን ፎርሙላ ሲቀየር

ሰሞኑን ከሎጂክ ጌት ጋር ነው የምውለው። የዛሬው ቀላል የሌባ አላርም ነው፤ ሦስት ኢንፑት፣ ሦስት ጌት፣ አንድ አውትፑት። A የአላርሙ ማብሪያ ነው፣ ሲበራ 1 ይሆናል። D የበሩ ሴንሰር ነው፣ በሩ ሲዘጋ 1 ሲከፈት 0። M እንቅስቃሴ ካየ 1 ይሰጣል። Q ደግሞ ጩኸቱ ነው።

ሥዕሉ ላይ D መጀመሪያ በኖት ጌት ያልፋል፣ ከዚያ ከM ጋር ኦር ጌት ውስጥ ይገባል፣ ከኦሩ የወጣው ደግሞ ከA ጋር ሆኖ ወደ ኤንድ ጌት ይሄዳል። ፎርሙላውን በአንድ ትንፋሽ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ከግራ ጀምራችሁ ከእያንዳንዱ ጌት በሚወጣው ሽቦ ላይ ስም ጻፉበት፣ ከዚያ መተካት ብቻ ነው የሚቀረው፤ ' ኖት፣ + ኦር፣ · ደግሞ ኤንድ ማለት ነው፦

```
X = D'
Y = X + M
Q = A · Y
Q = A · (D' + M)
```

ቅንፏን እንዳትረሷት! ኤንድ ከኦር ስለሚቀድም A · D' + M ብላችሁ ከጻፋችሁ ሌላ ሰርኪዩት ነው የሚሆነው፤ አላርሙ ጠፍቶም ቢሆን አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ይጮኻል።

ሰንጠረዡን ስሠራ ኢንፑቶቹን ከ000 እስከ 111 በባይነሪ ቆጠራ ደረደርኳቸው። እንዲህ ከሆነ አንድም ረድፍ አይዘለልም። X እና Yንም የራሳቸው ዓምድ ሰጠኋቸው፤ ወረቀት ይፈጃል፣ ግን እያንዳንዱ ዓምድ የአንድ ጌት ሥራ ብቻ ስለሚሆን የተሳሳተው የቱ ጋ እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

```
A D M | X Y | Q
0 0 0 | 1 1 | 0
0 0 1 | 1 1 | 0
0 1 0 | 0 0 | 0
0 1 1 | 0 1 | 0
1 0 0 | 1 1 | 1
1 0 1 | 1 1 | 1
1 1 0 | 0 0 | 0
1 1 1 | 0 1 | 1
```

ላይኛዎቹን አራት ረድፎች እዩ፣ A ዜሮ ስለሆነ ሁሉም ዝም ናቸው። ቅንፉ ከቀረ ግን 001 እና 011 ላይ Q 1 ይሆናል፤ ስለዚህ ፎርሙላችሁን ለመፈተን መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ሞክሩ። ከታች ካሉት ደግሞ ዝም የሚለው 110 ብቻ ነው፦ አላርሙ በርቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ የሚንቀሳቀስ የለም።

«በሩ ሲዘጋ ለምን 1 ሆነ? ሲከፈት 1 ቢሆን ኖት ጌቱ ይቀር ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይቀራል። ግን ሌባው የሴንሰሩን ሽቦ ቢቆርጠውስ? የተቆረጠ ሽቦ 0 ሆኖ እንዲነበብ ከተገጠመ፣ በዚህ አሠራር በሩ እንደተከፈተ ተቆጥሮ አላርሙ ይጮኻል። አንዲት ኖት ጌት ለዚህ አትበዛም።

አንድ የማይሠራው ነገር አለ። ሌባው ገብቶ በሩን መልሶ ከዘጋውና ሳይነቃነቅ ከቆመ ወደ 110 እንመለሳለን፣ ጩኸቱም ቀጥ ይላል። ይህ ሰርኪዩት የሚያውቀው አሁን ያለውን ኢንፑት ብቻ ነው፣ ቀድሞ የሆነውን አያስታውስም። እንዲያስታውስ ላች ያስፈልገዋል፤ ቀጥሎ የምገባው እዚያ ነው።