ማሲንቆው የዋጠው ቃል

ዛሬ አዘዞ ሄጄ የአጭር ፊልማችንን አንድ ትዕይንት ለአክስቴ በስልኬ አሳየኋት። «ሰውየው ምን አለ?» አለችኝ። ደነገጥኩ። በሄድፎን እኮ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር!

ማታ ፒያሳ ተመልሼ ስሠራው ገባኝ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ የተዋናዩ ጎርናና ድምፅ ሳስቷል። ቃል የሚለዩት እነ «ሰ» እና «ተ» ደግሞ ከማሲንቆውና ቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር ይጋፋሉ። ንግግሩን ብቻ ከፍ ሳደርገው ጮኸ እንጂ አልጠራም። ስለዚህ ማሲንቆውን ድምፅ በሚያመጣጥነው መሣሪያ፣ በኢኪው፣ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ በ4 ዴሲቤል ቀነስኩት። ዝናቡን ሰውየው ሲናገር ብቻ በ6 ዝቅ አደረግኩት፤ ዝም ሲል ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በስልክ፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አድርጌ ሰማሁት። «እመለሳለሁ» የሚለው ቃል ከነመጨረሻው ወጣ።

ነገ ለአክስቴ ደግሜ አሳያታለሁ።