በግድግዳና በግድግዳ መካከል

ትናንት ማታ ዝናቡ ሐይቁን ከዓይናችን ጋርዶት፣ መብራትም ጠፍቶ፣ ምክንያቱን በማላውቀው ትካዜ ተቀምጬ ሳለሁ የእህቴ መልእክት ከአሜሪካ ደረሰኝ። ልጇ 100 ያርድ በነፃ ቀዘፋ በ58 ሰከንድ ዋኘች። የኔዋ ልጅ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ አነበበችና «አባዬ፣ በስድስት ሰከንድ ተኩል ትበልጠኛለች ማለት ነው?» አለችኝ። የእሷ ሰዓት እዚሁ ሐዋሳ፣ ዘወትር በምንዋኝበት የ25 ሜትር ገንዳ፣ ለ100 ሜትር 1 ደቂቃ ከ4.6 ሰከንድ ነው። «አይደለም» አልኳት፤ ነገር ግን ትክክለኛ መልሱን ወዲያው ልሰጣት አልቻልኩም።

አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ስለሆነ የ25 ያርድ ገንዳ ርዝመቱ 22.86 ሜትር ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ በአራቱ ምልልስ የዋኘችው 91.44 ሜትር ሲሆን፣ ከልጄ ጋር ለመተካከል 8.56 ሜትር ይቀራታል። ርቀቱን ለርቀት ካካፈልን 58ን በ1.0936 ማባዛት በቂ ይመስላል፤ ውጤቱም 63.4 ሰከንድ ይሆናል። ብዙ አሠልጣኞች ግን በ1.11 አካባቢ ያባዛሉ፤ በዚያ ስሌት 64.4 ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሰከንድ ከየት እንደመጣ ሳስብ ዝናቡንም ትካዜዬንም ረሳኋቸው።

ምክንያቱ ግድግዳው ነው። ዋናተኛ ከምንም በላይ የሚፈጥነው ዘሎ ውሃ ሲገባና ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ከውሃው በታች ሲንሸራተት ነው፤ ብቅ ብሎ መቅዘፍ ከጀመረ በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል። በሁለቱም ገንዳዎች 100 ሲዋኝ የሚታጠፈው ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሜትር ገንዳ በየምልልሱ የሚጨመረው 2.14 ሜትር ግፊያ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ በክንድ የሚቀዘፍ ቀርፋፋው ርቀት ነው። ይህን ትርፍ ርቀት በአማካይ ፍጥነት ማስላት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መሰላት ያለበት ዋናተኛው ውሃው ላይ በሚቀዝፍበት ፍጥነት ነው።

እህቴ የላከችውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። በያርድ ገንዳ፣ በጀርባ የሚዋኙ ሰዎች ግድግዳው መቅረቡን እንዲያውቁ ከውሃው በላይ የሚወጠሩት ባንዲራዎች የሚሰቀሉት ከግድግዳው 5 ያርድ ላይ ስለሆነ፣ ከገንዳው አጋማሽ እስከ ባንዲራዎቹ ያለው ርቀት 6.86 ሜትር ነው። ጭንቅላቷ አጋማሹን ካለፈበት ቅጽበት ጀምሮ ስይዝ 4.8 ሰከንድ ፈጀባት፤ ይህ በሰከንድ 1.43 ሜትር ነው። 8.56ን ለ1.43 ሳካፍል ስድስት ሰከንድ ገደማ አገኘሁ። እንግዲህ በእኛ ገንዳ ብትዋኝ ሰዓቷ 64 አካባቢ ይሆናል፤ ብልጫዋም ከስድስት ሰከንድ ተኩል ወደ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወርዳል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በእኛው ገንዳ ላይ ከግድግዳው 5 ሜትር ርቀት ላይ ሲባጎ ወጥሬ፣ በአጋማሹም ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ የልጄን ፍጥነት ለካሁ። 7.5 ሜትሩን በ5 ሰከንድ ቀዘፈችው፤ በሰከንድ 1.5 ሜትር መሆኑ ነው። ውሃው ላይ ከአክስቷ ልጅ ትፈጥናለች! የምትቀደመው ግድግዳው ዘንድ ነው፤ ምክንያቱም ሌላዋ ከውሃው በታች ተገልብጣ ስትዞር፣ የኔዋ ግን ግድግዳውን በእጇ ይዛ፣ ቀና ብላ ተንፍሳ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትገፋው። የእሷን ሰዓት በተራው ወደ ያርድ ስመልሰው 58.9 ይሆናል። በአጭሩ ገንዳ በ0.9 ሰከንድ የምትቀደም ልጅ በእኛ ገንዳ በ0.6 ብቻ ትቀደማለች ማለት ነው፤ በ50 ሜትር ገንዳማ፣ መታጠፊያው አንድ ብቻ ስለሚሆን፣ ሳትቀድማት አትቀርም። አንድ ማባዣ ቁጥር ለሁለቱም እንደማይሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ የለም፤ 1.11 ጥሩ አድርጎ ለሚታጠፍ ሰው ይቀርባል፣ መታጠፍ ለሚቸግረው ግን ይበዛበታል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። የእህቴ ልጅ ሰዓት የተያዘው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲሆን፣ የኔዋን የያዝኩት በእጄ ነው። ጣቴ መነሻው ላይ ትንሽ ሲዘገይና መድረሻው ላይ ሲቸኩል፣ የእጅ ሰዓት በሁለት ወይም በሦስት አሥረኛ ሰከንድ አሳጥሮ እንደሚይዝ አውቃለሁ። የገንዳውን ርዝመትም በብረት ሜትር ለክቼው አላውቅም፤ ሃያ ሳንቲሜትር ቢያጥር በአራት ምልልስ 80 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ይህም ለእሷ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ነው። ያሰላሁት ልዩነት በሙሉ እዚያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

የእህቴ ልጅ በክረምት ትመጣለች፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይዋኛሉ። ልጄ አሁን መልስ እየጠበቀች ነው። ግማሽ ሰከንድ ብዬ ልንገራት፣ ወይስ አስቀድሜ ሜትሩን ይዤ ወደ ገንዳው ልውረድ?