አንድ ክብደት፣ ሁለት ሰውነት፦ የአሥር ወር መዝገቤ

ግንቦት ላይ ጂም ስጀምር 84 ኪሎ ነበርሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74። አሠልጣኜም በቁመትም በክብደትም ከእኔ ጋር እኩል ነበር። ክብደትን ለቁመት ካሬ የሚያካፍለው የተለመደው ቢ ኤም አይ ለሁለታችንም 27.7 ሰጠን። ከ25 በላይ በመሆኑ ሁለታችንም «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ከሚባለው መደብ ገባን። የእሱ ካናቴራ ግን የሚወጠረው ትከሻው ላይ ነበር፤ የእኔ ሆዴ ላይ።

ልዩነቱን በቁጥር ያሳየኝ ኤፍ ኤፍ ኤም አይ የሚባለው ስሌት ነው። መጀመሪያ ከክብደት ላይ ስቡ ይቀነሳል፣ የቀረው ለቁመት ካሬ ይካፈላል። የእኔ የሰውነት ስብ 28 በመቶ ስለነበር ከ84 ኪሎ ውስጥ ስብ ያልሆነው 60.5 ኪሎ ነው። 1.74 በራሱ ሲባዛ 3.03 ነውና 60.5ን ለ3.03 ሳካፍል 20 ሆነ። የአሠልጣኜ ስብ 15 በመቶ ስለነበር 71.4 ኪሎ ይቀረዋል፤ ውጤቱ 23.6 ነው። ስቡን ለብቻው በዚሁ መንገድ ስናካፍል ደግሞ የእኔ 7.8፣ የእሱ 4.2 መጣ። ቢ ኤም አይ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ስለሚያቀርብ ነው ሁለታችንን አንድ ያደረገን።

አሥር ወር በሳምንት አራት ቀን ብረት ካነሣሁ በኋላ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ 81 ኪሎ ሆንሁ። ሦስት ኪሎ ብቻ መቀነሴ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ስቡ ግን ወደ 21 በመቶ ወርዷል፦ ስብ ያልሆነው 64 ኪሎ፣ ኤፍ ኤፍ ኤም አዩ 21.1፣ የስቡ ቁጥር 5.6። ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ስብ ሲሄድ ሦስት ኪሎ ተኩል ሌላ ነገር ገብቷል ማለት ነው። በሜትር ስለካው ወገቤም ከ96 ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

በዐቢይ ጾም የደረሰብኝን በተለይ ልንገራችሁ። ውኃ ሳልቀምስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ ስብ 24 በመቶ አለኝ። በስሌቱ ኤፍ ኤፍ ኤም አዩ ወደ 20.3 ወረደ፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ጡንቻ የጠፋ ያህል ነው። እጅግ ደነገጥሁ። ወገቤን ስለካ ግን ያው 90 ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን በሰውነት ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ስቡን የሚገምት ነው። ውኃ ሲያንስ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ አያልፍምና የጎደለውን ውኃ እንደ ስብ ይቆጥረዋል። ማታ በልቼ ጠጥቼ በማግስቱ ጠዋት ስመዘን 21 ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የምለካው በወር ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሼ ከመጣሁ በኋላ፣ ምንም ሳልቀምስ ነው። ሚዛኑንም አልቀይርም። የስብ ግምቱ በሦስት በመቶ ቢሳሳት ውጤቱ በ0.8 ስለሚዛነፍ፣ ከአንድ ወር ወደ ሌላው የሚታየውን የ0.2 ለውጥ እንደ እድገት አልመዘግበውም። ደግሞም ስብ ያልሆነው ሁሉ ጡንቻ አይደለም፤ አጥንቱም፣ ጉበቱም፣ ውኃውም እዚያው ውስጥ አለ። ስለዚህ በመዝገቤ ላይ ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ የወገቤን ልክና በስኳት ያነሣሁትን ኪሎ እጽፋለሁ።