የ15 ዶላር ከ88 ሳንቲም ባለቤት ፍለጋ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ሒሳብ እይዛለሁ። እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ፣ በመኪና ደግሞ ወደ ጢስ ዓባይ እናደርሳለን። ድርጅቱ የእህትና የወንድም ነው። እህትየው፣ እትዬ የምንላቸው፣ እዚህ ያስተዳድራሉ፤ ወንድምየው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አሜሪካ ይኖራሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነገር ሲኖር በእሳቸው ካርድ ይከፈላል፤ እኔም በየወሩ የካርዱን መግለጫ እየተቀበልኩ የድርጅቱን ወጪ ከግል ወጪያቸው ለይቼ እመዘግባለሁ።

አንድ ወር ላይ መግለጫው የመጣው በአንድ መስመር ላይ ቀይ ክብ ተደርጎበት ነበር። መስመሩ APPLE.COM/BILL ይላል፤ ከጎኑ 15.88 ዶላር። ከሥር በአማርኛ «ይህ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበታል።

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መስመሩ ግን የሚመልሰው የለውም። የባንኩ መግለጫ ገንዘቡን የሰበሰበውን መደብር እንጂ ከመደብሩ ውስጥ ምን እንደተገዛ አይናገርም። ባንኩም ቢጠየቅ ከዚያች መስመር ውጭ የሚያየው ነገር የለም። የሙዚቃ አገልግሎት ይሁን፣ የፎቶ ማስቀመጫ ይሁን፣ የልጆች ጨዋታ ይሁን፣ በአፕል በኩል እስከተከፈለ ድረስ ባንኩ ጋ የሚደርሰው ያው አንድ ስም ነው።

ጋሼ ግን ወደ ድምዳሜ ሮጠዋል። ስልክ ስንነጋገር «ተሰርቄአለሁ፤ ባንኩ ክፍያውን እንዲያግድና ካርዱን እንዲቀይር ላደርግ ነው» አሉኝ። ትንሽ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ሌባ ቢሆን ኖሮ በየወሩ በተመሳሳይ ሰሞን መጥቶ አሥራ አምስት ዶላር ብቻ ወስዶ አይሄድም። ደግሞም ካርድ መለወጥ የደንበኝነት ምዝገባን አይሰርዝም። ምዝገባው ያለው አካውንቱ ላይ ነውና ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ እዚያው ይጠብቃል። ባንክ ውስጥ ክርክር ከተከፈተ ደግሞ አፕል አካውንቱን ሊያግደው ይችላል፤ ያ አካውንት የድርጅቱ ሆኖ ቢገኝ ጣጣው ለእኛ ነው።

ጋሼ የራሳቸውን ስልክ ከፍተው ተመለከቱ። Settings ገብተው፣ ስማቸውን ነክተው፣ Subscriptions የሚለው ውስጥ ያለውን ሁሉ አነበቡልኝ። ወደ 15.88 የሚጠጋ ነገር የለም። የቤተሰብ መጋራት አላቸው ወይ ብዬም ጠየቅሁ፤ ግዢ መጋራት የተከፈተ እንደሆነ ልጅ የገዛው ነገር ሁሉ አደራጅ በሆነው ሰው ካርድ ላይ ያርፋልና። አልከፈቱም። ልጆቻቸው የሚከፍሉት በየራሳቸው ካርድ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ትቼ ወደ ሒሳቡ ተመለስኩ። ያለፉትን ወራት መግለጫዎች ጎን ለጎን ዘርግቼ የአፕልን መስመሮች ብቻ ወደ አንድ ወረቀት ገለበጥኳቸው። አብዛኛው ወር ላይ 15.88 ብቻውን አለ። በመሃል ግን 15.88 የሌለባቸው ወራት አሉ፤ በእነዚያ ፈንታ 10.59 እና 5.29 በተከታታይ ቀናት ገብተዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 15.88 ይሆናሉ። ለካ አንድ ነገር መስሎን ስንፈልግ የከረምነው ሁለት ነገር ኖሯል! አፕል በተቀራረበ ጊዜ የሚታደሱ ክፍያዎችን አንዳንዴ ጠቅልሎ በአንድ ሒሳብ ይቆርጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ለየብቻ ያስኬዳቸዋል። ጠቅላላውን ይዞ «15.88 የሚያስከፍል መተግበሪያ» የሚፈልግ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ አያገኝም።

ሁለቱ ቁጥሮችም ቢሆኑ የመደብር ዋጋ አይመስሉም። እዚያ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በ99 ያበቃል። ጋሼ በሚኖሩበት ስቴት የሽያጭ ግብሩ 6 በመቶ ነው አሉኝ፤ 10.59ን ለ1.06 ሳካፍለው 9.99፣ 5.29ን ሳካፍለው 4.99 ወጣ። አሁን የምንፈልገው ታወቀ፦ አንድ የ9.99 እና አንድ የ4.99 ወርሃዊ ምዝገባ፣ በወሩ 17ና 18 አካባቢ የሚታደሱ፣ በአንድ አካውንት ውስጥ ያሉ። በአንድ አካውንት ውስጥ ናቸው ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ የሁለት የተለያዩ አካውንቶች ግዢ በአንድ ሒሳብ አይጠቃለልም።

የቀረው የማን አካውንት ነው የሚለው ነው። እንግዶች ሲመዘገቡበት የቆየ አንድ አይፓድ ቢሯችን ውስጥ አለ፤ ጋሼ ከዓመታት በፊት ከአሜሪካ ያመጡት። እትዬ ጋ ሄጄ «እትዬ፣ ይህንን አይፓድ ልየው?» ስላቸው «እሱንማ እኔው ነኝ በስሜ ያስገባሁት፤ ምንም የገዛሁበት ነገር የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። Settings ላይ የሚታየው የእሳቸው ስም ነው፤ በዚያ ስም ሥር ያለው የምዝገባ ዝርዝርም ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፍለጋውን ያቆማል፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። አንድ የአፕል መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሁለት አካውንት ሊይዝ ይችላል። አንዱ ፎቶውንና የስልክ ማውጫውን የሚያስቀምጠው፣ ሌላው መተግበሪያ የሚገዛበት። ሁለተኛው Media & Purchases በሚለው ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል። መኖሩን ለማወቅ አጭሩ መንገድ App Store ከፍቶ በላይኛው ጥግ ያለውን የመገለጫ ክብ መንካት ነው። ነካሁት። የእትዬ ኢሜይል መውጣት ሲገባው ድርጅቱ ሲመሠረት የተከፈተው፣ አሁን ማንም የማይገባበት አሮጌ ኢሜይል ወጣ። ጋሼ አይፓዱን ሲያመጡ በዚያ ኢሜይል አካውንት ከፍተው ካርዳቸውን አስገብተውበት ኖሯል። እትዬ በኋላ የራሳቸውን ሲያስገቡ የመጀመሪያው ለፎቶና ለመልእክት ቦታ ለቀቀ እንጂ ከመደብሩ አልወጣም።

ወደ አሮጌው ኢሜይል ለመግባት የይለፍ ቃሉ ከአንድ አሮጌ አጀንዳ ጀርባ ላይ ተገኘ (የቢሮ አጀንዳ የማይጣለው ለዚህ ነው)። የፍለጋ ሳጥኑ ላይ receipt from Apple ብዬ ስጽፍ ደረሰኞቹ በሰልፍ መጡ። ባንኩ ያላወቀው ሁሉ እያንዳንዳቸው ውስጥ አለ፦ የመተግበሪያው ስም፣ የሚታደስበት ቀን፣ የትኛው አካውንት እንደገዛ፣ የካርዱ የመጨረሻ ቁጥሮች፣ ግብሩ ለብቻው። የካርዱን ቁጥሮች ከጋሼ ካርድ ጋር አስተያየሁ፤ ተገጣጠሙ። 9.99ው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ነው። 4.99ው የነፋስ ትንበያ።

የቪዲዮውን ያስገባው ድሮ ማስታወቂያ ይሠራልን የነበረ ልጅ ነው፤ ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል። መተግበሪያው ከአይፓዱ ላይ ጠፍቷል፤ ልጁ ሲለቅ አጥፍቶት መሆን አለበት። ማጥፋት ግን ምዝገባውን አያቆመውም። መሣሪያው ላይ ምልክቱ ባይኖርም ክፍያው አካውንቱ ውስጥ ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው የተጫኑ መተግበሪያዎችን አንድ በአንድ እያዩ «ይህ ይሆን? ያ ይሆን?» ማለት ብዙም የማያዋጣው።

የነፋሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ሁለቱንም ልሰርዝ ስዘጋጅ ካፒቴናችን ሰምተው መጡ። «አንተ ልጅ፣ የነፋሱን እንዳትነካብኝ! ከሰዓት በኋላ ጣና እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። እንግዳ ይዤ ከዘጌ ስመለስ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳ ጠዋት እዚህ አይቼ ነው የምወጣው» አሉኝ። በነጻ ሙከራ የጀመሩት እሳቸው ኖረዋል፤ ወርሃዊ ክፍያ እንዳለው ግን የነገራቸው የለም። እትዬም ሰምተው ይቀጥል አሉ። ካርዱ ቢታገድ ኖሮ ይህም አብሮ ይቀር ነበር።

የቪዲዮውን ለመሰረዝ ግን አካውንቱ ማረጋገጫ ኮድ ጠየቀኝ፤ ኮዱ የሚሄደው ወደ ጋሼ የአሜሪካ ስልክ ነው። እኛ ጋ ረፋድ ሲሆን እሳቸው ጋ ገና ሌሊት ነው። ስለዚህ እሳቸው ጋ እስኪነጋ ጠብቄ፣ ስልክ ላይ እንዳሉ ስድስቱን አኃዝ አነበቡልኝ። ገባሁና በ App Store መገለጫ ሥር Subscriptions ከፍቼ የቪዲዮውን Cancel Subscription አልኩት። የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ አገልግሎቱ እንደሚሠራና ከዚያ በኋላ እንደማይታደስ ቀኑን ጭምር ጻፈልኝ። ለመታደስ ከአንድ ሳምንት በላይ ይቀረው ነበር። መሰረዝ የሚገባው ከሚታደስበት ቀን ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ በመጨረሻው ቀን የሰረዘ ሰው የሚቀጥለው ወር ክፍያ ቢቆረጥበት አይገረም።

ካፒቴናችን ያን ዕለት የራሳቸውንም ስልክ እንድመለከትላቸው ሰጡኝ። የእሳቸው አንድሮይድ ነው። በዚያ በኩል ነገሩ ትንሽ ይቀላል፤ የካርድ መግለጫው ላይ GOOGLE * ከሚለው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የመተግበሪያው ወይም የአዘጋጁ ስም ይከተላል። Play Store ከፍቶ፣ የመገለጫውን ክብ ነክቶ፣ Payments & subscriptions ውስጥ መመልከት ነው። ጣጣው ያው የአካውንት ነገር ነው። ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት የጂሜይል አድራሻ ካለ፣ ዝርዝሩ የሚያሳየው በዚያ ሰዓት የተመረጠውን ብቻ ስለሆነ እያቀያየሩ ማየት ያስፈልጋል። ደረሰኙ ደግሞ ግዢው በተፈጸመበት ኢሜይል ውስጥ ይገኛል፤ የትእዛዝ ቁጥሩ GPA. ብሎ ስለሚጀምር በዚያ መፈለግ ይቻላል። እሳቸው ጋ የሚከፈልበት ነገር አልነበረም።

የተከፈለውን ለማስመለስ reportaproblem.apple.com ላይ በአሮጌው አካውንት ገብቼ ለመጨረሻው የቪዲዮ ክፍያ ጥያቄ አቀረብኩ። አገልግሎቱን የተጠቀመበት ሠራተኛ ከሥራ እንደለቀቀ በሁለት መስመር አስረዳሁ። ተፈቀደና 10.59 ወደ ካርዱ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ላሉት ወራት አልጠየቅሁም፤ ጋሼ ራሳቸው በየወሩ መግለጫውን እያዩ ያሳለፉት ነው፤ እትዬም «ይብቃን» አሉ። የደረሰኞቹ ኢሜይል አሁን ወደ እኔ አድራሻ ይመራል። የከረመውን የቪዲዮ ወጪ በማስታወቂያ ሥር፣ የነፋሱን 5.29 ደግሞ በጀልባ ሥራ ማስኬጃ ሥር መዝግቤ የወሩን ሒሳብ ዘጋሁ።