«አልፏል» የተባለው ላሜራ ከዜሮ በታች 40 ላይ

ይህን የምጽፈው ለፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ለሌላ በጣም ለሚቀዘቅዝ ነገር ታንከር ለማሠራት ለሚነሳ ሰው ነው። እኔ ስጀምር ማንም አላስጠነቀቀኝም። ብዙ የተንገላታሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብረት ድንገት ሲመታ ምን ያህል እንደሚቋቋም በሚለካው በሻርፒ ፈተና። ሌላው ሥራ የተለመደ ስለሆነ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ባለው ፋብሪካችን ከጥንስሱ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስበን፣ አጣርተንና አቀዝቅዘን በፈሳሽ መልክ እናስቀምጣለን። ማጠራቀሚያው ስላነሰን ተጨማሪ አነስተኛ ታንከር እንዲሠራ ተወሰነ፤ ክትትሉም ለእኔ ተሰጠኝ። ዕቅዱ ተሣለ። ባለ 12 ሚሊ ላሜራ ተገዛ። ላሜራው ኤስ355ጄ2 የሚባለው ዓይነት ነው። የላሜራው አምራች ሰርተፊኬት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ይናገራል።

ክርክሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። «ደብረ ብርሃን የቱንም ያህል ውርጭ ቢጥል ከዜሮ ትንሽ ነው ዝቅ የሚለው። ይህ ላሜራ እስከ 20 በታች ተፈትኗል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። አባባሉ ለውጭ በር ወይም ለድልድይ ቢሆን ትክክል ነው። ታንከሩ ግን የሚቀዘቅዘው በአየሩ አይደለም። የፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት የሚወሰነው በግፊቱ ነው። ግፊቱ 20 ባር ገደማ ሲሆን ፈሳሹ ከዜሮ በታች 20 አካባቢ ነው። ቫልቭ ቢያፈስ ወይም አንድ ሰው ጋዙን በፍጥነት ቢለቀውና ግፊቱ ወደ 10 ባር ቢወርድ፣ ያው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል። ከ5 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ ካለው ነጥብ በታች ከወረደ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ደረቅ በረዶ ይለወጣል፤ ግፊቱ እስከ ውጭው አየር ግፊት ከወረደ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ግፊቱ ከ10 ባር በታች እንዳይወርድ የሚቆጣጠር መሣሪያ እንዲገጠም፣ ብረቱም ከዜሮ በታች 40 ላይ እንዲፈተን ወሰንን።

ፈተናው ራሱ ቀላል ነው። ከላሜራው 10 በ10 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 55 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ይወጣል። መሃሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የ45 ዲግሪ ጭረት ይቆረጥበታል። የጭረቱ ጫፍ ክብነት ሩብ ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከባድ መዶሻ ተለቆ ከጭረቱ በስተጀርባ ይመታዋል። መዶሻው ከመታ በኋላ ምን ያህል ከፍታ እንደወጣ ታይቶ፣ ብረቱ ሲሰበር የወሰደው ጉልበት በጁል ይነበባል። ሦስት ቁራጭ ይመታል። ለእኛ የተቀመጠው መስፈርት የሦስቱ አማካይ ቢያንስ 27 ጁል እንዲሆንና አንዱም ከ19 ጁል ገደማ እንዳይወርድ ነው።

ቁራጮቹን አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ላቦራቶሪ ላክን። ውጤቱ ሲመጣ «152 ጁል፣ አልፏል» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ወረቀቱ ላይ የሙቀት ቦታው ላይ የተጻፈው ግን 22 ዲግሪ ነው። ደውዬ፣ «ኢንጂነር፣ የጠየቅነው እኮ ከዜሮ በታች 40 ላይ ነው» አልኩት። «ወንድሜ፣ መስፈርቱ 27 ነው፤ ያንተ 152 ነው። አምስት እጥፍ አልፏል እኮ! ቢቀዘቅዝ ምን ያህል ሊቀንስ ነው?» አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፈተናው የሚያስፈልገው ያንን ለማወቅ ነውና። ብረት ምትን የመቋቋም አቅሙ ከቅዝቃዜ ጋር በእኩል ደረጃ እየቀነሰ አይሄድም። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብዙም ሳይቀንስ ይቆይና፣ ከዚያ በጥቂት አሥር ዲግሪዎች ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ከመውረጃው በላይ ያለው ብረት እየተለጠጠ ይቀደዳል፤ ከመውረጃው በታች ያለው ያው ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። 22 ዲግሪ ላይ የተገኘ ቁጥር መውረጃው የት እንዳለ ምንም አይናገርም።

ከብዙ ክርክር በኋላ «እሺ፣ እናቀዘቅዘዋለን» አሉ። ይህን ጊዜ በአካል ሄድኩ። ቁራጮቹ ያደሩት በተራ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ ተራ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው። ፍሪዘሩም ማሽኑ ካለበት ክፍል አልነበረም። ባለሙያው ቁራጮቹን በእጁ ይዞ ኮሪደሩን አቋርጦ መጣ። አንዱን ማሽኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጭረቱን መሃል ለማድረግ በጣቱ ሲያስተካክል ቆየ፤ ከዚያ መዶሻውን ለቀቀ። ቅጹ ላይ ግን «ከዜሮ በታች 40» ብሎ ሊሞላ ነበር። የጣት ውፍረት የማይሞላ ብረት በእጅ ሙቀት ምን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ደንቡ ቁራጩ ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ በወጣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ይመታ ይላል። መያዣው ወረንጦም አብሮ መቀዝቀዝ አለበት።

ስለዚህ ማቀዝቀዣውን እኛው ይዘን ሄድን። ደረቅ በረዶ ከፋብሪካችን በስታይሮፎም ሣጥን፣ ንጹሕ አልኮል ደግሞ በጀሪካን። አሠራሩ ይህ ነው። አልኮሉ በሌላ ስታይሮፎም ሣጥን ውስጥ ይደረጋል። ደረቁ በረዶ በትንሽ በትንሹ ይጨመርበታል። እየፈላ ይመስላል፤ በአንዴ ብዙ ከተጨመረ ገንፍሎ ይፈሳል። ቴርሞሜትሩ ከቁራጮቹ አጠገብ ይሁን። ቁራጮቹ የሣጥኑን ወለል እንዳይነኩ ወንፊት ላይ ይቀመጡ። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ረግቶ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆዩ። መስኮትና በር ይከፈት፣ ምክንያቱም የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተኝቶ ሰው ያፍናል። አልኮሉ አጠገብ እሳት አይኑር።

መጀመሪያ ከዜሮ በታች 20 ላይ መታን። 41፣ 66፣ 52 ጁል። ሰርተፊኬቱ አልዋሸም። ከዚያ ወደ 40 በታች ወረድን። 31፣ 14፣ 9። አማካዩ 18 ነው፤ ወድቋል።

ድምፁ ራሱ ተለወጠ። በክፍሉ ሙቀት የተመታው ድም ብሎ ይታጠፋል፤ ሁለቱ ግማሾች ሙሉ በሙሉ እንኳ አልተለያዩም ነበር። 9 ጁል የሰጠው ግን ቋ ብሎ ሁለቱም ግማሾች ተፈናጠሩ። አንሥቼ ብርሃን ላይ አዟዟርኩት። ገጹ ጠፍጣፋ ነው፤ ትናንሽ ቅንጣቶቹ ያብለጨልጫሉ፤ ጠርዞቹ ሲቆረጥ እንደነበሩት ቀጥ እንዳሉ ናቸው። በክፍሉ ሙቀት የተሰበረው ገጽ ግራጫና ቃጫ ቃጫ የሚመስል ነው፤ ጎኖቹም ወደ ውጭ አብጠዋል። ውጤት ስትቀበሉ ቁጥሩን ብቻ አትቀበሉ። የተሰበሩትን ቁራጮች ጠይቁ፤ ገጻቸውን በዓይናችሁ እዩ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ 31ን አይቶ «ሁለቱ ቁራጮች ብልሽት ይኖርባቸው ይሆናል፤ 31ን እንያዝ» አለ። አይሆንም። እንዲህ የተራራቀ ቁጥር የሚመጣው ብረቱ ልክ መውረጃው ላይ ሲሆን ነው። ከጭረቱ ጫፍ አጠገብ ደካማ ቅንጣት የገጠመው ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ያልገጠመው ትንሽ ተለጥጦ ይሰበራል። መራራቁ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ምክንያቱ ብረቱ ውስጥ ነው። አቶሞቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ብረቱ እንዲለጠጥ ሙቀት ያግዛቸዋል። ሲቀዘቅዝ መንሸራተቱ ይከብዳል፤ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን በቅዝቃዜ ብዙም አይጨምርም። ከአንድ ሙቀት በታች መሰንጠቁ መለጠጡን ይቀድመዋል። ጭረትና ድንገተኛ ምት ደግሞ ይህን ያፋጥናሉ። በመሳብ የሚደረገው ተራ የጥንካሬ ፈተና ይህን የማያሳየው ለዚህ ነው። ዘንጉ ልሙጥ ነው፣ ስበቱም ቀስ ያለ ነው። እንዲያውም ሲቀዘቅዝ የመሳብ ጥንካሬው ከፍ ይላል። እንደ 304 ያለው አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም የአቶማቸው አደራደር ሌላ ስለሆነ ይህ መውረጃ የላቸውም። በጣም ለቀዘቀዘ ሥራ የሚመረጡትም ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ይዤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቀረብኩ። መልሳቸው «በውሃ ግፊት ካለፈ ይበቃል፤ መመሪያው የሚጠይቀው ያንን ነው» የሚል ነበር። እኔ በዚህ ከመመሪያው ጋር አልስማማም። የውሃው ግፊት ፈተና የሚደረገው ከዜሮ በደንብ ከፍ ባለ ሙቀት ነው፤ ብረቱ በሚለጠጥበት በኩል ነው ማለት ነው። መፍሰሱንና ውፍረቱን ይፈትናል እንጂ ቅዝቃዜውን አይፈትንም። ተቆጣጣሪው ዝም ብሎ የቆመ ዕቃ በራሱ አይሰበርም ሲለኝ የስኬኔክታዲን ታሪክ ነገርኩት። አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነበረች። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የባሕር ላይ ሙከራዋን ጨርሳ፣ በረጋ ውሃ ላይ ወደቡ ዳር እንደቆመች በብርድ ሌሊት ለሁለት ተሰነጠቀች። በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩ ሌሎች መርከቦችም እንዲሁ ሲሰነጠቁ ጥፋቱ በብየዳው ላይ ይጣል ነበር። የካምብሪጇ ኮንስታንስ ቲፐር ብረቱ ራሱ በቅዝቃዜ ተሰባሪ እንደሚሆን አሳየች። ተቆጣጣሪው ሰምቶ «ያ የመርከብ ነው» አለኝ። መፈረም ይችል ነበር፤ እኛ ግን አላስፈረምነውም።

ላሜራው ተቀየረ። ቅንጣቱ ደቃቅ የሆነውን፣ እስከ ከዜሮ በታች 50 የሚፈተነውን ፒ355ኤንኤል2 አስመጣን። ዋጋውና የሚፈጀው ጊዜ አለቆቼን አስከፍቷል። ከዜሮ በታች 40 ላይ 98፣ 112፣ 87 ሰጠ። በዚህ ውሳኔ እኮራለሁ።

አዲሱ ላሜራ ግን ብየዳውን አያድንም። በብየዳው አጠገብ የጋለው ብረት ቅንጣቱ ይወፍራል፤ መውረጃውም ወደ ሙቀቱ በኩል ይጠጋል። የሙከራው ብየዳ አጠገብ ጭረቱን አስቆርጠን ስንመታ 27 አልሞላም። በያጃችንን «ጋሼ፣ ኤሌክትሮዱን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ሰፊ አድርገው አይሙሉት፤ ቀጭን ቀጭን መስመር ይሁን፣ በየመሃሉም ይቀዝቅዝ» አልናቸው። ሥራው ይረዝማል ብለው ተቃወሙ፤ ግን ሠሩት። ሁለተኛው ሙከራ በምቾት አለፈ።

ላሜራ ስትገዙ «የሻርፒ ሰርተፊኬት ያለው» ብላችሁ አትጻፉ። ሙቀቱን፣ ጁሉንና ቁራጩ ከላሜራው በየት አቅጣጫ እንደሚወጣ ጻፉ። ላሜራው ከተዳመጠበት አቅጣጫ ተሻግሮ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። የብየዳውንም ፈተና በዚያው ሙቀት ጠይቁ። ግፊቱ ወድቆ ውስጡ ደረቅ በረዶ ከያዘ ደግሞ ሠራተኛው ቶሎ ብሎ እንዳይሞላው ከልክሉት፤ ግድግዳው በዚያ ሰዓት ከተፈተነበት ሙቀት እጅግ በታች ነው። እኛ የታንከሩ ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር አስገጥመናል። ከዜሮ በታች 40 በላይ ሳይመለስ የመሙያው ቫልቭ አይከፈትም።